እሷ በሪያል ትቆጥራለች፣ እኔ በጤፍ ኪሎ

መጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል። ባለቤቴ ከሪያድ በኢሞ ደወለች። እንደ ወትሮው «ልጆቹ ተኙ?» አላለችም። «በየወሩ ለወንድምህ የምትሰጠው ብር ስንት ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ራሱ መልስ ሆነባት። ስልኩ ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ቀን አልተደወለም።

እኔ የባሕር ዳር ሰው ነኝ፣ መምህር ነኝ። እሷ መጋቢት 2015 በቤት ሠራተኝነት ሄደች፣ ነሐሴ 2017 ተመለሰች። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር መሆኑ ነው። በሰፈራችን ሚስቱ ወይም ባሏ ውጭ ያለ ቤት ብዙ ነው። ጠባቸውን ስሰማ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለኛል። «ብሬን በላው»፣ «እሷም እዚያ ሌላ ሕይወት ጀመረች» ይባባላሉ። ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃሉ፣ በስድስተኛው ወር ይደገማል። ብሩን በልቶ የጠፋ ባል የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። የብዙው ቤት ጠብ ግን ከዚያ ያነሰና የተወሳሰበ ነው። የኛን ቁጥር በቁጥር ላሳያችሁ።

ደመወዟ 1,000 ሪያል ነበር። 100 ለራሷ አስቀርታ 900 ትልካለች። ሰኔ 2016 ላይ አንድ ሪያል በባንክ 15 ብር ገደማ ነበር፣ ስለዚህ እጄ የሚገባው ወደ 13,700 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያው ለቀቀው። ታኅሣሥ 2017 ላይ አንድ ሪያል 33 ብር አካባቢ ሲመነዘር ያው 900 ሪያል 29,700 ብር ሆነ። እሷ ሥራ አልጨመረችም፣ ደመወዟም አልጨመረም። ብሩ ግን በ16,000 አደገ።

እዚያ ሆና ስታስበው ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። «አሁንስ የቤት ማኅበሩን መዋጮ እንጨርሳለን» አለችኝ። ልክ ነች፣ ሪያል ስትቆጥር የኖረች ሰው እንዲህ ነው የሚታያት። እኔ ግን የምቆጥረው በጤፍ ኪሎ፣ በዘይት ሊትርና በቤት ኪራይ ነው። አከራያችን ከ4,500 ወደ 7,000 ከፍ አደረገ፣ ይኼው 2,500 ሄደ። የትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት 1,200 ጨመረ። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽሮው፣ ቡናው ተደምሮ 4,300 ገደማ ጨምሯል። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት 1,500። ድምሩ 9,500 ነው። 6,500 ይተርፋል።

ያቺን 6,500 ለወንድሜ ሰጠሁት። ያገለገለ ባጃጅ በዱቤ ገዝቶ ክፍያው ከብዶት ነበር። ከመስከረም እስከ የካቲት ለስድስት ወር ረዳሁት፣ ጠቅላላ 39,000 ብር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። «ሁሉ ነገር ተወደደ» እያልኩ አለፍኩት።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ያጣላን 39,000ው ይመስላል። አይደለም። ወንድሜን ትወደዋለች፣ ብጠይቃት ምናልባት ግማሹን ትፈቅድ ነበር። የተበላሸው ሌላው 9,500 ነው። ያ እውነተኛ ወጪ ነበር፣ ደረሰኝም አለው። ግን 6,500ውን መደበቄን ካወቀች በኋላ ኪራዩንም፣ ጤፉንም፣ የእናቴን መድኃኒትም አላመነችኝም። «መድኃኒቱም የወንድምህ ጎማ ይሆናል» አለችኝ በኋላ፣ በምሬት። ግማሽ የማይሞላ ውሸት የቀረውን እውነት ሁሉ ይዞት ሄደ። በሰፈር የማያቸው ቤቶችም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው የሚፈርሱት። የሚደበቀው ትንሽ ነው፣ የሚታመነው ግን ምንም አይተርፍም።

አሁን የእሷን ወገን ልንገራችሁ። ያኔ አላውቀውም ነበር። ጥቅምትና ኅዳር 2017 አሠሪዋ ደመወዝ አልከፈሏትም። እሷ ግን በሁለቱም ወር 900 ላከች። ከየት? ከጓደኛዋ 1,800 ሪያል ተበድራ። «ደመወዝ ቀረ ብልህ ትጨነቃለህ፣ ልጆቹም ይሰማሉ» አለችኝ። እንግዲህ አስቡት። እሷ ሪያድ ተበድራ ትልካለች፣ እኔ ባሕር ዳር ተቀብዬ የባጃጅ ዱቤ እከፍላለሁ። ሁለታችንም በቅንነት ነው የደበቅነው። እኔ «ወንድሜን ከማሳፍረው» ብዬ፣ እሷ «ባሌን ከማስጨንቀው» ብላ። የተደበቀው ሲወጣ ግን ማንም ቅንነቱን አይቆጥርለትም።

ይህ ለምን ይሆናል? ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ነበር። ያገኘችውን በእኛ አነጋገር «ያልለየለት ማጣት» ልንለው እንችላለን። ሰውየው ሞቷል እንዳይባል ሬሳ የለም፣ አለ እንዳይባል ቤት ውስጥ የለም። ቤተሰቡ ሊያለቅስም ሊረሳም አይችልም። ባሏ ወይም ሚስቱ በውጭ ያለችበት ቤት እንደዚያ ከባድ አይደለም፣ ድምጿ በየማታው አለና። ያው ጥያቄ ግን በትንሹ ይመጣል። ሴትየዋ በዚህ ቤት ውስጥ ናት ወይስ አይደለችም? አልጋው ላይ የለችም፣ በባንክ ሂሳቡ ውስጥ ግን አለች። ልጁ ሲታመም የለችም፣ ሐኪሙ የሚከፈለው ግን በእሷ ነው።

እኔ ሳላስበው መልስ ሰጥቼው ነበር። «ውሳኔ እኔ፣ ገንዘብ እሷ» አደረግኩት። ልጃችን ትምህርት ቤት ሲቀይር ነገርኳት፣ አልጠየቅኳትም። ከነገርኳት በኋላ «ጥሩ ነው» አለች። በዚያ «ጥሩ ነው» ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ያወቅኩት ተመልሳ ከመጣች በኋላ ነው። «ኤቲኤም ሆኜ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን ቡና እያፈላች፣ ሳቅ ብላ። አላሳቀኝም።

ከአሥራ አንዱ ቀን ዝምታ በኋላ የሠራነው ነገር ቀላል ነው፣ ግን ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ ገንዘቡን ከናፍቆቱ ለየነው። በፊት ስትደውል ልጆቹን ታናግራለች፣ ከዚያ «ብሩ ደረሰ?» ይመጣል፣ ከዚያ ሂሳብ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ልጆቹ ሳይቀሩ የእናታቸውን ድምፅ ከጭቅጭቅ ጋር አያይዘውት ነበር። ስለዚህ ለሂሳብ አንድ ቀን ቆረጥንለት። ብሩ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ በድምፅ መልእክት። እኔ አምስት ደቂቃ ያህል እቀዳለሁ። የባንኩን መልእክት ስክሪንሾት አያይዛለሁ። ደብተር ላይ የጻፍኩትን እያነበብኩ፣ ይኼ ለኪራይ፣ ይኼ ለትምህርት ቤት፣ ይኼ ለእናቴ እላለሁ። እሷ ጊዜ ስታገኝ ትሰማለች፣ ትመልሳለች። የድምፅ መልእክት ጥሩነቱ ስትቆጣ ወዲያው አትመልስም፣ አድራ ትመልሳለች። በሌላው ቀን ስለ ብር ማውራት ክልክል ነው፣ አስቸኳይ ሕመም ካልሆነ በቀር።

ሁለተኛው ከባድ ነበር። ልትልክ የሚገባትን ሁሉ ለእኔ መላኳን አቆመች። የቤቱ ወጪ በእኔ ሂሳብ ይገባል። ቁጠባው ግን ከመሄዷ በፊት በስሟ በከፈተችው ሂሳብ ይገባል፣ እኔ አልነካውም። መጀመሪያ ላይ ከፍቶኝ ነበር፣ ወንድ ነኝ እንግዲህ። «አላመነችኝም» ብዬ ለሁለት ሳምንት አኮረፍኩ። በኋላ ግን እፎይ አልኩ። ቁጠባው ከእጄ ሲወጣ ዘመድ ሲጠይቀኝ «የለኝም» ስል እውነቴን ሆነ። ዋሽንግተን ዲሲ በሚኖሩ የኤል ሳልቫዶር ስደተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አንብቤያለሁ። አገር ቤት ያለውን የቁጠባ ሂሳብ ራሳቸው ማየትና መቆጣጠር የቻሉት ቁጠባቸው አድጓል። የሚገርም አይደለም። ላኪው ዓይኑ ካላየ ልቡ አይረጋጋም።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ማወቅ ይረዳል። ብዙ ሰው «በስሜ ካስቀመጥኩ የእኔ ነው» ይላል። በቤተሰብ ሕጋችን ግን በትዳር ውስጥ ባልም ሆነ ሚስት በሥራቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው። በማን ስም ይመዝገብ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ለብቻ የተከፈተ ሂሳብ ማንንም አይነጥቅም፣ የሚያደርገው ነገሩ እንዲታይ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ባሏን ያላመነች ሴት ለወንድሟ ትልክና ቤቱ በወንድሟ ስም ይገዛል። ካርታው በሌላ ሰው ስም ከሆነ በኋላ «ብሩ የእኔ ነበር» ብሎ ማስረዳት ዓመታት ይፈጃል፣ እሱም ከተሳካ ነው። ባሏን ሸሽታ ወንድሟን ከሰሰች ማለት ነው። ውክልናም እንዲሁ። ጠቅላላ ውክልና የሚሸፍነው የአስተዳደር ሥራን ነው፣ ማለትም ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈልና የመሳሰለውን። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ያ ሥልጣን በግልጽ የተጻፈበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ከመሄዷ በፊት ሲጻፍ አንብባ ትፈርም። እኛ ሳናነብ ነው የፈረምነው፣ ዕድለኞች ሆነን ችግር አላመጣም።

ሦስተኛው የዘመድ ጉዳይ ነው። ሚስቱ ውጭ ያለች ሰው በሰፈር ሀብታም ነው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ብድር። እምቢ ማለት አይቻልም፣ እሺ ማለትም አይቻልም። እኛ ያገኘነው መውጫ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ተነጋግረን እንመልሳለን»። ከ2,000 ብር በላይ ለማንም ወገን፣ ለእሷም ለእኔም፣ ሁለታችን ሳንነጋገር አይወጣም። ከዚያ በታች ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይቺ ትንሿ የማትጠየቅ ብር ከሁሉም በላይ ሰላም ሰጠችን። እኔ አንዳንዴ ከጓደኛ ጋር ጣና ዳር የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ እበላለሁ። እሷ ለእናቷ ትልካለች፣ ሽቶ ትገዛለች። ሁሉንም ሳንቲም መቁጠር የጀመረ ቤት ተመልሶ ወደ መደበቅ ነው የሚሄደው፣ ሰው ነውና።

ስለ መቀራረቡ ደግሞ። ሪያድና ባሕር ዳር ሰዓታቸው አንድ ነው። ችግሩ ሰዓት አይደለም፣ የእሷ ሥራ ነው። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ ትውላለች። በረመዳን ደግሞ ቀኑ ወደ ሌሊት ይዞራል፣ ሥራው ይበዛል። ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ረመዳን «ለምን አልደወልሽም» እያልኩ ስጨቀጭቃት ነበር። ከዚያ በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለብዙ ወራት። ኢሞ የለም፣ የልጆቹ ፊት የለም። በቀጥታ ጥሪ ብቻ፣ እሱም ውድ ነው። ሦስት ደቂቃ ትደውላለች፣ «ደህና ናችሁ? ብሩ ደረሰ?» ታበቃለች። አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር በብር መለካት የጀመረው ያኔ ነው። በሦስት ደቂቃ ሌላ ምን ይወራል?

ኔትወርኩ ሲመለስ ረጅም ጥሪ ልናካክስ ሞከርን፣ አልሆነም። የሚወራ ጠፋ። «ምን አዲስ ነገር አለ?» «ምንም።» በኋላ የጠቀመን ጥሪ ሳይሆን ትንንሽ ድምፅ ነው። እሁድ ማለዳ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ፣ አርባ ሰከንድ። የዓሣ ገበያው ጫጫታ። ልጁ ሒሳብ ሲሳሳት። እሷም ሳህኑን እያጠበች የምታንጎራጉረውን ትልካለች። ይህ ምላሽ አይፈልግም፣ ጆሮ ብቻ ነው የሚፈልገው። ልጆቹንም «ለእማማ ሰላም በሏት» ማለት ተውን፣ ትንሿ ልጅ ስልክ ስታይ ሮጣ ትሸሽ ነበር። ይልቅ «ያን ሥዕልሽን አሳያት» ስንላት ራሷ ትጠራት ጀመር።

ሐሜትም አለ። «ሚስትህን ከአንድ ሾፌር ጋር አዩዋት» ብሎ የነገረኝ ሰው አለ። እሷም ስለ እኔ ሰምታለች። የወንድሜን ጉዳይ የነገረቻት ጎረቤት ናት፣ በኢሞ። የተስማማነው፣ ወሬ የሰማ ሰው ለሦስተኛ ሰው ከማውራቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል። እንዴት እንደሚጠየቅም ቆረጥን። «እንዲህ ሰማሁ፣ ንገሪኝ» ነው፣ «ለምን እንዲህ አደረግሽ» አይደለም። ስንት ጊዜ እንደረዳን ብትጠይቁኝ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ወሬ ውሸት ነበር። እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ደንብ ምን ያህል ይችል እንደነበር አላውቅም።

ሁሉም ዝምታ የትዳር ነገር እንዳልሆነም ልብ በሉ። አንዳንድ አሠሪዎች ስልክ ይነጥቃሉ፣ ፓስፖርት ይይዛሉ። እኛ ምልክት አድርገን ነበር። ምንም ጊዜ ባይኖራት በቀን አንድ ነጥብ ብቻ ጽፋ ትልካለች። ለሦስት ቀን ነጥብ ካልመጣ እኔ ማኩረፍ ሳይሆን የላካትን ኤጀንሲ መጥራት አለብኝ፣ ካልሆነም ሪያድ ያለው ኤምባሲያችን አለ፣ ጅዳ ላሉት ቆንስላው። ደመወዝ ሲቀር፣ ሲደበድቧት ወይም ሲያስርቧት በትዳር ውይይት የሚፈታ አይደለም። የተበደረችበትን ሁለት ወር ብትነግረኝ ኖሮ ኤጀንሲውን ቀድሜ አስጨንቅ ነበር። አሠሪዋ የከፈሏት በጥር ነው፣ ጓደኛዋ እስከዚያ ታግሳለች።

ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀምራል፣ ማንም አይነግራችሁም። እኔ ብቻዬን መወሰን ለምጃለሁ፣ እሷ ብቻዋን መኖር ለምዳለች። የመጀመሪያው ወር «ለምን ከእኔ ሳትጠይቅ?» ስትለኝ የምትጠይቀው ስለ ሽንኩርት ነበር። ትንሿ ልጅ ለእንቅልፍ የምትጠራው አያቷን ነው። ለዚህ ሦስት ወር ገደማ ሰጠነው፣ አልበቃም፣ አሁንም አላለቀም።

ደብተሩ አሁን ያለው እሷ ጋ ነው። ወንድሜ ከ39,000ው 24,000 መልሷል፣ በወር 3,000። ቀሪው በስሙ ተጽፎ አለ። ባለፈው ሳምንት ስታገላብጥ የጥቅምትና የኅዳርን ገጽ አገኘች፣ የተበደረችበትን። እዚያ ገጽ ላይ እኔ «ገቢ 900 ሪያል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። አነበበችው፣ ምንም አላለችም፣ እስክሪብቶ አንስታ ከሥሩ «ብድር» ብላ ጻፈችበት።